ፊት ሲቀየር እይታ እንዳይጠፋ

ፊት መቀየር በቪዲዮ ላይ ያለን ሰው ፊት ሸፍኖ የሌላ ሰው ፊት በኮምፒውተር የማልበስ ሥራ ነው። በሥራው ሁለት ሰዎች ይሳተፋሉ። አንደኛው በቪዲዮው ላይ የሚናገረውና የሚንቀሳቀሰው ሰው ሲሆን ባለታሪክ ሊባል ይችላል። ሁለተኛው መልኩን ብቻ የሚያውሰው ለጋሽ ነው። ቅያሬው ሲያልቅ የአፍንጫው፣ የጉንጩና የአገጩ ቅርጽ የለጋሹ ይሆናል። ንግግሩ፣ የአንገቱ አዟዟር፣ ፈገግታውና ሐዘኑ ግን የባለታሪኩ እንደሆነ ይዘልቃል። ከባለታሪኩ ተጠብቀው መቆየት ካለባቸው ነገሮች መካከል ቶሎ የሚጠፉት ሁለቱ ዓይን ውስጥ ያሉት ናቸው፤ እነሱም ዓይኑ የሚያይበት አቅጣጫና ዓይኑ ላይ ብልጭ የምትለው ትንሽ የብርሃን ነጸብራቅ ናቸው።

ፊት መቀየር ብዙ ጊዜ ከማታለል ጋር ስሙ ይነሳል። ሰውን ከአደጋ ለመከለል የሚውልበት ጊዜም አለ። በ2020 እ.ኤ.አ. ለእይታ የበቃው የዴቪድ ፍራንስ ዘጋቢ ፊልም «ዌልካም ቱ ቼችንያ» በሩሲያዋ ቼችንያ በተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪነታቸው የሚሳደዱ ሰዎችን ታሪክ ይዟል። የሸሹት ሰዎች ፊታቸው ቢታወቅ ሕይወታቸው አደጋ ላይ ይወድቅ ስለነበር፣ በራያን ሌኒ የሚመራው የምስል ቅንብር ቡድን የፈቃደኛ ሰዎችን ፊት አለበሳቸው። ከዚያ በፊት የተለመደው ፊትን ማደብዘዝ ወይም ሰውየውን ጥላ ውስጥ ማስቀመጥ ነበር። ያ ዘዴ ማንነቱን ይደብቃል፤ አብሮም ስሜቱን ይደብቃል። ተመልካቹ የሚሰማው ድምፅ ብቻ ይሆናል። ፊት መቀየር ከማደብዘዝ የሚሻለው የተናጋሪው እይታ እስከተረፈ ድረስ ነው። እይታው ከጠፋ ግን ተመልካቹ የሚያየው የሌላ ሰው ፊት የለበሰ አሻንጉሊት ነው።

ዓይን ወዴት እንደሚያይ የሚታወቅበት

የሰው ዓይን ነጩ ክፍል ሰፊና ጎልቶ የሚታይ ነው። በነጩ መካከል ባለቀለሙ ክብ አለ፤ በክቡ መሐል ደግሞ ጥቁሩ ብሌን። አንድ ሰው ወዴት እንደሚያይ የምንለየው ባለቀለሙ ክብ ግራና ቀኙ ከቀረው ነጭ ጋር ያለውን ሚዛን አይተን ነው። ሒሳቡን ግን ማንም ቁጭ ብሎ አይሠራውም፤ ሕፃን ልጅ እንኳ እናቱ ወዴት እንደምታይ በቅጽበት ያውቃል።

መጠኑ ሲታይ ነገሩ የሚደንቅ ነው። የአዋቂ ሰው የዓይን ኳስ ከዳር እስከ ዳር 24 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ባለቀለሙ ክብ ደግሞ ወደ 12 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ዓይን በ10 ዲግሪ ቢዞር ብሌኑ ከቦታው የሚነቃነቀው ከ2 ሚሊ ሜትር ባነሰ ነው። በ5 ዲግሪ ቢዞር ደግሞ 1 ሚሊ ሜትር አይሞላም። ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው ግን ይህን ለውጥ ያውቀዋል፤ «ዓይኗ ሌላ ቦታ ነው» ይላል። ስለዚህ ፊት የሚቀይር ባለሙያ በጉንጭ ላይ ሁለት ሚሊ ሜትር ቢሳሳት ማንም ላያስተውለው ይችላል። በብሌን ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ቢሳሳት ግን የተናጋሪው ሐሳብ ይለወጣል።

አቅጣጫው በብሌኑ ቦታ ብቻ የሚያልቅ አይደለም። የዓይን ቆብም አብሮ ይንቀሳቀሳል። ሰው ወደ ታች ሲያይ የላይኛው ቆብ ዓይኑን ተከትሎ ይወርዳል፤ ወደ ላይ ሲያይ ደግሞ ይነሳል። ብሌኑ ወርዶ ቆቡ ባለበት ከቀረ ከብሌኑ በላይ ነጭ ይጋለጣል። ያን ጊዜ ትሕትና የነበረው ድንጋጤ ይመስላል። ሁለቱ ዓይኖችም አንድ ላይ መሄድ አለባቸው። አንድ ሜትር ተኩል ርቆ የተቀመጠን ሰው ስናይ የሁለቱ ዓይኖቻችን መስመር በ2 ዲግሪ ተኩል ያህል ወደ ውስጥ ይገናኛል። ኮምፒውተሩ አንዱን ዓይን ትንሽ ወደ ውጭ፣ ሌላውን ትንሽ ወደ ውስጥ ከሳተ፣ ስህተቱ በእያንዳንዱ ዓይን ላይ ጥቂት ቢሆንም ሰውየው ሸውራራ ወይም ፈዛዛ ይመስላል።

የዓይን ነጸብራቅ ከየት ይመጣል

ብሌኑንና ባለቀለሙን ክብ የሚሸፍነው ጥርት ያለ ሽፋን ኮርኒያ ይባላል። ዘወትር በእንባ የረጠበ ስለሆነ እንደ ትንሽ የተቆለመመ መስታወት ያገለግላል። ፊት ለፊት መስኮት፣ አምፖል ወይም ሰማይ ካለ ምስሉ ተኮማትሮ እዚያ ላይ ይታያል። ፎቶ አንሺዎች በዓይን ውስጥ ብርሃን ከሌለ ፊቱ ሞተ የሚሉት ለዚህ ነው። ያች ነጥብ ዓይኑ እርጥብና ሕያው መሆኑን ትመሰክራለች። ብርሃኑ ከየት እንደመጣም ትናገራለች።

ነጸብራቋ የምትታዘዛቸው ሁለት ሕጎች አሉ። አንደኛው የቦታ ሕግ ነው። መስኮቱ ከተናጋሪዋ በስተቀኝ ከሆነ ነጸብራቁ በሁለቱም ዓይኖች በዚያው ጎን ይውላል። የግራው ዓይን ነጸብራቅ በሰዓት ፊት ላይ 10 ቁጥር ባለበት ቦታ ከታየ፣ የቀኙም እዚያው አካባቢ መታየት አለበት። ቅርጹም ይመሳሰላል፤ መስኮቱ አራት ማዕዘን ከሆነ ሁለቱም አራት ማዕዘን ናቸው። ይህ ሕግ በጣም የጸና ስለሆነ የሐሰት ምስል መርማሪዎች ይጠቀሙበታል። ሹ ሁ፣ ዩዙን ሊና ስዌይ ሉ የተባሉ ተመራማሪዎች የሁለቱን ዓይኖች ነጸብራቅ በማወዳደር በኮምፒውተር የተፈበረኩ የሰው ፎቶዎችን መለየት እንደሚቻል አሳይተዋል።

ሁለተኛው የእንቅስቃሴ ሕግ ነው፤ ብዙ ባለሙያዎችን የሚያሳስታቸውም እሱ ነው። ዓይን ሲዞር ነጸብራቁ ከብሌኑ ጋር እኩል አይሄድም። ብሌኑ ከዓይን ኳሱ መዞሪያ መሐል 10 ሚሊ ሜትር ያህል ፊት ለፊት ይገኛል። ነጸብራቁን የሚሸከመው የኮርኒያ ጉብታ ማዕከል ግን ከመዞሪያው ከ6 ሚሊ ሜትር በትንሹ ባነሰ ርቀት ላይ ነው። በዚህ የተነሳ ብሌኑ 10 እርምጃ ቢሄድ ነጸብራቁ የሚሄደው 6 ያህሉን ብቻ ነው። ይህን ልዩነት የዓይን እንቅስቃሴ መለኪያ መሣሪያዎች ሰው ወዴት እንደሚያይ ለማወቅ ይጠቀሙበታል። ነጸብራቁን ብሌኑ ላይ እንደ ነጭ ቀለም ነጥብ ለጥፎ አብሮ የሚያንቀሳቅስ ቅንብር ዓይኑን የተቀባ የእንጨት ዓይን ያስመስለዋል። ነጸብራቁን በአንድ ቦታ ቸክሎ የሚያስቀርም እንዲሁ ይሳሳታል።

ቅያሬው እይታን የሚያጠፋበት ምክንያት

የመጀመሪያው ምክንያት የቦታ ጥበት ነው። በአንድ ፎቶ ብቻ ፊት የሚቀይሩት የታወቁ ፕሮግራሞች ብዙዎቹ ፊቱን ቆርጠው በ128 በ128 ፒክስል ካሬ ውስጥ ይሠሩታል። በዚያ ካሬ ውስጥ በሁለቱ ዓይኖች መካከል ያለው ርቀት 35 ፒክስል ገደማ ነው። በእውነተኛው ሰው ላይ ይህ ርቀት 63 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ አንድ ሚሊ ሜትር ከአንድ ፒክስል በግማሽ ትንሽ የሚበልጥ ቦታ ብቻ ያገኛል። ባለቀለሙ ክብ በጠቅላላው ከ6 እስከ 7 ፒክስል ይሆናል። ዓይን በ5 ዲግሪ ሲዞር ለውጡ ግማሽ ፒክስል ነው። ተናጋሪዋ ጠያቂዋን ታይ ካሜራውን ታይ፣ በዚህ መጠን ላይ ልዩነቱን ለመጻፍ ቦታው አይበቃም።

ሁለተኛው ምክንያት ኮምፒውተሩ የሚማርበት መንገድ ነው። ፕሮግራሙ ሲሠለጥን ስህተቱ የሚለካው በመላው ፊት ላይ ነው። ዓይን ከፊት ስፋት ጥቂቱን ብቻ ስለሚይዝ፣ ግንባርና ጉንጭ በደንብ ከተሠሩ ዓይኑ ቢዛነፍም ጠቅላላው ውጤት ጥሩ ይባላል። ሲጠራጠር ደግሞ አማካዩን ይወስዳል፤ አማካዩ ለጋሹ በብዛት ያየበት አቅጣጫ ነው። ሰው ፎቶ ሲነሳ የሚያየው ሌንሱን ስለሆነ፣ የተቀየረው ፊት ዓይኑ ሁልጊዜ ወደ ካሜራው ይሳባል። ይህን ለማስተካከል «ዲፕፌስላብ» በተባለው ፕሮግራም ውስጥ `eyes_mouth_prio` የሚል ምርጫ አለ። ምርጫው ሲከፈት በዓይንና በአፍ ላይ የሚፈጠር ስህተት ክብደቱ ከፍ ይላል።

ሦስተኛው ከቅያሬው በኋላ የሚደረገው ማሳመር ነው። የደበዘዘ ፊትን የሚያጠሩ ፕሮግራሞች ዓይኑን የሚያጠሩት ካዩት መረጃ ተነስተው አይደለም፤ ከሠለጠኑባቸው ብዙ ሺህ ፎቶዎች በተማሩት ልማድ ነው። ስለዚህ ጥርት ያለ ባለቀለም ክብና የሚያምር ክብ ነጸብራቅ ይፈጥራሉ። ክፍሉ ውስጥ ያለው ግን ክብ አምፖል ሳይሆን አራት ማዕዘን መስኮት ሊሆን ይችላል። ዓይኑ ያምራል፤ ግን የዚያ ክፍል ዓይን አይደለም።

አራተኛው ማለስለስ ነው። ፊቱ ከፍሬም ወደ ፍሬም እንዳይንቀጠቀጥ ተከታታይ ፍሬሞች ይቀላቀላሉ። ለጉንጭ ይህ ጥሩ ነው። ዓይን ግን በዝግታ አይንሸራተትም፤ ከነገር ወደ ነገር ይዘላል። ትንሹ ዝላይ ከ30 እስከ 50 ሺሕኛ ሰከንድ ባለው ጊዜ ያልቃል። በሰከንድ 25 ፍሬም በሚቀረጽ ቪዲዮ አንዱ ፍሬም 40 ሺሕኛ ሰከንድ ስለሆነ፣ ዝላዩ በአንድ ወይም በሁለት ፍሬም ውስጥ ተጀምሮ ያልቃል። አምስት ፍሬም የሚቀላቅል ማለስለሻ ይህን ዝላይ ወደ ዘገምተኛ ጉዞ ይለውጠዋል፤ ተናጋሪዋም እንቅልፍ የያዛት ወይም የሰከረች ትመስላለች።

አንድ ቀረጻ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ

አንዲት ሴት ከባሕረ ሰላጤው አገራት የቤት ሠራተኝነት ተመልሳ የደረሰባትን ልትናገር ተቀመጠች እንበል። ማንነቷ እንዳይታወቅ ትፈልጋለች፤ ታሪኳ ግን እንዲሰማ ትፈልጋለች። ጠያቂዋ በዕድሜ የምትበልጣት ሴት ናት፤ ከእሷ አንድ ሜትር ተኩል ርቃ፣ ከሌንሱ 40 ሴንቲ ሜትር ወደ ጎን ተቀምጣለች። በባለታሪኳ ቀኝ ሁለት ሜትር ርቆ አንድ ሜትር ስፋት ያለው መስኮት አለ። ስትናገር በብዛት ጠያቂዋን ታያለች፤ ከባዱ ቦታ ላይ ስትደርስ ግን ዓይኗን ትሰብራለች።

ይህ ዓይን መስበር ለአማርኛ ተናጋሪ ተመልካች ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ አክብሮት አለበት፣ ሐፍረት አለበት፣ መከፋትም አለበት። ቅያሬው ይህን እይታ ወደ ሌንሱ ከሳበው ያቺው ሴት ያንኑ ቃል እየተናገረች ዓይን አውጣ ትመስላለች። ተመልካቹ ምን እንደተበላሸ ሊናገር አይችልም፤ «አላመንኳትም» ብሎ ግን ይነሳል።

ሥራው የሚጀምረው ለጋሿን ከመቅረጽ ነው። ለጋሿ ራሷን ሳታንቀሳቅስ በዓይኗ ብቻ ጣት እየተከተለች ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎንና ወደ ማዕዘኖቹ ታያለች። ከዚያ ራሷን ወደ ግራና ወደ ቀኝ መልሳ እንደገና ታደርገዋለች። የተሰበረ ዓይን በለጋሿ ቀረጻ ውስጥ ከሌለ ኮምፒውተሩ ወደ ታች የሚያይ ዓይን ምን እንደሚመስል አያውቅም፤ የሌለውን ሊፈጥር ሲሞክር ግማሽ የተዘጋ፣ ብሌን አልባ ዓይን ይሠራል። የለጋሿ ቀረጻ በሰፊና በለስላሳ ብርሃን ቢሆን ይመረጣል። በአንድ ኃይለኛ መብራት ከተቀረጸች የመብራቷ ነጸብራቅ ከፊቷ ጋር ተጠንቶ ወደ ባለታሪኳ ዓይን ይገባል።

ቀጥሎ የባለታሪኳ እይታ ከቅያሬው በፊት ይለካል። ቀድሞ የተለመደው ባለ68 ነጥብ የፊት መለኪያ ለእያንዳንዱ ዓይን ስድስት ነጥብ ሲሰጥ ስድስቱም በቆቡ ጠርዝ ላይ ናቸው፤ ለብሌን አንድም ነጥብ የለውም። ስለዚህ ዓይኑ መከፈቱን እንጂ ወዴት እንደሚያይ አይናገርም። የባለቀለሙን ክብ ነጥቦች የሚጨምር መለኪያ ያስፈልጋል፤ «ሚዲያፓይፕ» የተባለው በጠቅላላው 478 ነጥብ ሲሰጥ ከእነዚህ አሥሩ ለሁለቱ ክቦች ናቸው። መለኪያው ቀላል ሬሾ ነው፤ ከዓይኑ አንድ ጥግ እስከ ክቡ መሐል ያለው ርቀት ከጥግ እስከ ጥግ ላለው ስፋት ይካፈላል። ፊቱ ወደ ሌንሱ ከዞረ 0.50 ሲሆን ዓይኑ መሐል ላይ ነው ማለት ነው።

በዚህ ቀረጻ የባለታሪኳ ዓይኖች በምስሉ ላይ 180 ፒክስል ይራራቃሉ እንበል። ባለቀለሙ ክብ 34 ፒክስል ያህል ይሆናል። ጠያቂዋ ከሌንሱ 15 ዲግሪ ያህል ወደ ጎን ስላለች፣ ፊቷን ወደ ሌንሱ አድርጋ በዓይኗ ብቻ ስታያት ብሌኗ ከመሐል 7 ፒክስል ያህል ይወጣል፤ ሬሾው 0.59 ይሆናል። ከቅያሬው በኋላ በዚያው ፍሬም ላይ ሲለካ 0.54 ቢገኝ ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ወደ ዲግሪ ሲመለስ ግን 9 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ጠያቂዋ በተቀመጠችበት ርቀት ላይ ከ20 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። ሴቲቱ ጠያቂዋንም ካሜራውንም አታይም፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ታያለች።

ማስተካከያው በሁለት መንገድ ይሆናል። ቀላሉና አስተማማኙ የባለታሪኳን የራሷን ዓይን መልሶ ማስገባት ነው። የቆቡን ጠርዝ ተከትሎ ማስክ ይሠራል፤ በማስኩ ውስጥ የሚገባው ነጩ፣ ክቡና ብሌኑ ብቻ ነው። ቆቡ፣ ሽፋሽፍቱና በነጩ ላይኛው ጠርዝ የሚያርፈው የቆብ ጥላ ከለጋሿ ይሆናል። የማስኩ ጠርዝ በአንድ ወይም በሁለት ፒክስል ይለሰልሳል። ከዚህ ከበለጠ የቆዳው ቀለም ወደ ነጩ ይፈስና ዓይኑ የታመመ ይመስላል። የለጋሿ የዓይን ስንጥቅ ከባለታሪኳ ከጠበበ ሥራው ቀላል ነው፤ ትርፉ በቆቡ ይሸፈናል። ከሰፋ ግን ከባለታሪኳ ያልተቀረጸ ነጭ መሙላት ስለሚጠይቅ፣ ሌላ ለጋሽ መፈለግ ያዋጣል።

በዚህ መንገድ ነጸብራቁም አብሮ ይመጣል። መስኮቱ በኮርኒያ ላይ ተኮማትሮ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል፣ በምስሉ ላይ ደግሞ 6 ፒክስል የሚሆን ትንሽ አራት ማዕዘን ነው። ሴቲቱ ዓይኗን በ10 ዲግሪ ስትሰብር ብሌኑ 5 ፒክስል ሲወርድ ነጸብራቁ 3 ፒክስል ብቻ ይወርዳል፤ ለዓይን የሚታየው ነጸብራቁ ከብሌኑ ወደ ላይ መሸሹ ነው። ቆቡ አብሮ ስለሚወርድ የነጸብራቁን ጫፍ ይቆርጠዋል፤ አንዳንዴም ጨርሶ ይሸፍነዋል። የለጋሿ ቆብ ከባለታሪኳ ቆብ ጋር እኩል ካልወረደ መሸፈን የነበረበት ነጸብራቅ ተጋልጦ ይቀራል።

ሁለተኛው መንገድ ኮምፒውተሩ የሠራውን ዓይን አቆይቶ ነጸብራቁን ብቻ ማስተላለፍ ነው፤ የባለታሪኳ ዓይን ራሱ ሊያሳውቃት ይችላል ተብሎ ሲፈራ ይመረጣል። እዚህ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ብሌኑ ወደ ተለካው ቦታ ይመለሳል። ቀጥሎ ኮምፒውተሩ የፈጠረው ነጸብራቅ ይጠፋል፤ ካልጠፋ በአንድ ዓይን ሁለት ነጸብራቅ ይኖራል፣ ክፍሉም ሁለት መስኮት ያለው ይመስላል። ከዚያ ከመጀመሪያው ቪዲዮ ደማቁ ነጥብ ለብቻው ተነጥሎ ይወጣና በተሠራው ዓይን ላይ ይደመራል። መደመር ማለት የነጸብራቁ ብርሃን ከሥሩ ባለው ቀለም ላይ ይጨመራል ማለት ነው። ግልጽነት ባለው ለጣፊ መልክ ከተቀላቀለ ነጸብራቁ ግራጫ ይሆናል፣ ዓይኑም አቧራ የነካው ይመስላል። የቆዳ ቀለም ማስተካከያና ማለስለሻ ሁሉ ከዚህ በፊት ማለቅ አለባቸው። ነጸብራቁ የመስኮቱን ብርሃን ቀለም ይይዛል እንጂ የቆዳውን አይይዝም፤ ከቆዳው ጋር አብሮ ከተቀባ ነጩ ነጥብ ቡናማ ይሆናል።

ያው ዓይን በሌላ ፊት ላይ

ይህ ሁሉ በትክክል ተሠርቶ፣ ልኬቱ ከመጀመሪያው ጋር አንድ ሆኖ፣ እይታው አሁንም የተዛነፈ የሚመስልበት ጊዜ አለ። ምክንያቱን እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ዊልያም ሃይድ ዎላስተን በ1824 እ.ኤ.አ. አሳይቶታል። አንድን ጥንድ የተሳሉ ዓይኖች ሳይነካ፣ ከሥራቸው ያለውን አፍንጫና የፊት ዝንባሌ ብቻ ወደ ሌላ ጎን ሲለውጠው፣ ያዎቹ ዓይኖች ወደ ሌላ አቅጣጫ የሚያዩ መሰሉ። አእምሯችን የእይታን አቅጣጫ የሚያነበው ዓይኑን ከፊቱ ዝንባሌ ጋር አጣምሮ ነው።

ፊት መቀየር ሳያስበው የዎላስተንን ሥዕል ይደግማል፤ ዓይኑ ያው ሆኖ አፍንጫውና ጉንጩ ይለወጣል። የለጋሿ አፍንጫ ረዘም ያለ ከሆነ ወይም ፊቷ ሁለት ሦስት ዲግሪ ወደ ጎን ዞሮ ከተለበሰ፣ ትክክለኛው ዓይን የተሳሳተ ይመስላል። በዚህ ጊዜ ብሌኑን ማንቀሳቀስ ስህተቱን በስህተት መሸፈን ነው። መታረም ያለበት የተለበሰው ፊት ዝንባሌ ነው፤ የአፍንጫው ጫፍና የግንባሩ መሐል መስመር ከባለታሪኳ የራስ ዝንባሌ ጋር እንደገና ይገጠማል። ይህ ካልበቃ ብቻ ብሌኑ በተመልካች ዓይን እየታየ በግማሽ ፒክስል ልክ ይነካል።

ውጤቱ የሚፈተሽበትና የማይሠራበት

ፍተሻው በሁለት ደረጃ ይሠራል። በመጀመሪያው ደረጃ ፍሬሞች ቆመው ከመጀመሪያው ጋር ጎን ለጎን ይታያሉ። የሚመረጡትም እይታ የሚለወጥባቸው ቦታዎች ናቸው፦ ዝላይ የተደረገበት ፍሬምና ቀጣዩ፣ ዓይን ጨፍኖ የሚከፈትበት፣ ዓይን የተሰበረበት። በእነዚህ ላይ ነጸብራቁ በሁለቱም ዓይን በአንድ ጎን መሆኑ፣ ቆቡ በተገቢው ልክ መውረዱና ዝላዩ እንደ መጀመሪያው በአንድ ወይም በሁለት ፍሬም ማለቁ ይረጋገጣል። በሁለተኛው ደረጃ ቪዲዮው በመደበኛ ፍጥነት፣ ድምፁ ተዘግቶ፣ የመጀመሪያውን ላላየ ሰው ይታያል። የሚቀርብለት ጥያቄ አንድ ነው፦ «ማንን ነው የምታየው?» መልሱ ጠያቂዋ የተቀመጠችበትን ጎን የሚያሳይ ከሆነ እይታው ተርፏል። «ይመስለኛል» እያለ ካመነታ ዓይኑ ገና አልተስተካከለም።

ዘዴው ወሰን አለው። ፊቱ ወደ ጎን ብዙ ሲዞር አንዱ ዓይን ይሰወራል፤ የቀረው በአፍንጫ ግድግዳ ስለሚቆረጥ ማስኩ መያዣ ያጣል። መነጽር ያደረገ ባለታሪክ ሁለት ድርብ ነጸብራቅ ይዞ ይመጣል፤ የመስታወቱ ነጸብራቅ ከዓይኑ ፊት ስለሚያርፍ አንዱን ከሌላው መለየት ከባድ ነው። ባለታሪኩ ሩቅ ሆኖ ባለቀለሙ ክብ ከ8 ፒክስል በታች ሲሆን ደግሞ የሚተላለፍ ነጸብራቅ የለም። እዚያ ላይ አጥርቶ ለማሳየት መሞከር የሌለ ነገር መፈብረክ ይሆናል።

የባለታሪክን የራሱን ዓይን መመለስ የሚያመጣው ሥጋትም አለ። የዓይን ቀለም በቀላሉ ሊለወጥ ይችላል፤ የነጩ ጠባሳ ወይም የብሌን ጉዳት ግን የሚያውቀውን ሰው ያስታውሰዋል። እንዲህ ዓይነት ምልክት ካለ የራሱ ዓይን አይመለስም፤ ከሁለተኛው መንገድ ጋር አብሮ ይሄዳል። በ«ዌልካም ቱ ቼችንያ» የተለበሰው ፊት ጠርዝ ሆን ተብሎ ትንሽ ለስለስ ብሎ እንዲታይ ተደርጓል፤ ተመልካቹ ፊቱ የራሳቸው አለመሆኑን እንዲያውቅ ነው። በመሸፈኛው ጠርዝ ላይ ይህ ግልጽነት ተጠብቆ፣ በዓይኑ ላይ ደግሞ አቅጣጫውና ነጸብራቁ ሳይነኩ ሲቆዩ፣ ተመልካቹ ፊቱ የተዋሰ፣ እይታው ግን የተናጋሪዋ መሆኑን ለይቶ ያያል።